«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሚመጣው ሐሙስ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ እየሰፋ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ለአይኢ ኦፊሰርነት ኢንተርቪው ጠርቶኛል። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ገብቼ ነበር። መጨረሻ ላይ ‹ጥያቄ አለሽ?› ሲሉኝ አንዱ ጋ ‹የለኝም› አልኩ፣ ሌላው ጋ ‹ደመወዙ ስንት ነው?› አልኩ። ሁለቱም አልደወሉም። ሰው ሁሉ ‹ስለ ድርጅቱ አጥኚ› ይለኛል። ድረ ገጻቸውን ከፍቼ አየሁት፤ ፎቶና ‹ራዕያችን› ብቻ ነው። ምኑን ነው የማጠናው? ያጠናሁትንስ እንዴት ነው ወደ ጥያቄ የምቀይረው? ት.፣ ከአቶቴ»

እህቴ ት.፣

ሦስት ማታ ይበቃሻል። እኔ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ላይን ላይ፣ ማለትም ኦፕሬተሮች ተደርድረው በሚሰፉበት መስመር፣ በኋላ ደግሞ ቀጣሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ስለዚህ የአንቺን ሥራ ይዤ ላሳይሽ።

ድረ ገጹ ባዶ መስሎ ቢታይሽ አይግረምሽ። የተጻፈው ልብስ ለሚያዘው ባየር ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም። ከእሱ ሁለት ነገር ብቻ ውሰጂ፤ የድርጅቱን ሙሉ ስም እና የውጭ እናት ኩባንያ ካለው የእሱን ስም። ሼዱ ላይ የተለጠፈው ስምና ወረቀት ላይ ያለው ስም የማይገናኝበት ጊዜ አለ። በአንዱ ፈልገሽ ያጣሽውን በሌላው ታገኚዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ ዓመተ ምሕረቱን። ድረ ገጽ ላይ «በ2016 ሥራ ጀመርን» የሚል ካየሽ የፈረንጅ ነው። ፓርኩ ራሱ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ላይ ነው፤ በፈረንጅ 2016 መሆኑ ነው። አንድ ልጅ እኔ ፊት ተቀምጦ «ገና አዲስ ድርጅት እንደመሆናችሁ» ብሎ ጀመረ። ከጎኔ የነበረው የፕሮዳክሽን ማናጀር ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ያረጀ ሰው ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ የተናገረውን ማን ሰማው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያገኘሽውን ሁሉ ይዘሽ አትግቢ። ለእያንዳንዱ ግኝት አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ፦ «ይሄ እውነት ከሆነ የእኔ የሥራ ቀን በምን ይለወጣል?» መልሱን ካወቅሽው ጥያቄ አያስፈልገውም። በምንም የማይለወጥ ከሆነ ተዪው። ይለወጣል፣ ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም የምትይው ነው ጥያቄ የሚሆነው።

የመጀመሪያውን ማታ ለደንበኞቻቸው ስጪው። opensupplyhub.org የሚባል ገጽ አለ፣ ለመፈለግ ገንዘብ አይጠይቅም። የዓለም ፋብሪካዎች በካርታ ላይ ተዘርዝረው ይታያሉ። ትልልቅ የልብስ ብራንዶች ማን እንደሚሰፋላቸው የሚያሳይ ዝርዝር ይፋ ያወጣሉ፤ ያ ዝርዝር እዚያ ይሰበሰባል። አገሩን Ethiopia ብለሽ የፋብሪካውን ስም ጻፊ። ካልመጣ ፊደሉን እየቀያየርሽ ሞክሪ፣ የእናት ኩባንያውንም ስም ሞክሪ። ከተገኘ የፋብሪካው ገጽ ላይ መረጃውን ማን እንዳስገባና መቼ እንዳስገባ ይታያል። ስሙን የማያወጣም አለ፣ ያም ቢሆን ቀኑ ይጠቅምሻል።

እንበልና ሁለት ስም አገኘሽ። አንዱ የአሜሪካ ብራንድ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመዘገበው በፈረንጅ 2021። ሌላው የአውሮፓ ነው፣ የመዘገበው ከዚያ ወዲህ። እዚህ ጋ ቆም በይ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ የወጣችው በታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ በፈረንጅ 2022 መግቢያ ቀን ነው። አጎዋ ማለት ልብሳችን አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ሕግ ነበር። ያ ሲቀር የጥጥ ቲሸርት መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው፤ በቲሸርት ዋጋ ላይ ቀላል አይደለም። ወደ አውሮፓ ኅብረት ግን ከቀረጥ ነጻ መግባቱ አልቀረም። ስለዚህ ያየሻቸው ሁለት ቀኖች አንድ ነገር እየነገሩሽ ይሆናል፤ ፋብሪካው ደንበኛ ቀይሯል።

ይሆናል ነው ያልኩሽ። ብራንዱ ዝርዝሩን አላደሰም ይሆናል። ፋብሪካው አሁንም ለሱ እየሰፋ ይሆናል። እርግጠኛ መሆን አያስፈልግሽም፤ ለጥያቄ የሚበቃ ጥርጣሬ ካለሽ ይበቃል።

ታዲያ ደንበኛ መቀየሩ አይኢ ኦፊሰርን ምን አገባት? በጣም ነው የሚያገባት። ባየር ሲቀየር የኦርደሩ መጠንና የስታይሉ ብዛት ሊቀየር ይችላል። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለሁለት ወር የሚሰፋ ላይንና በየሳምንቱ ስታይል የሚቀይር ላይን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

በቁጥር እንየው። ላይኑ 30 ኦፕሬተር አለው፣ ቀኑ 480 ደቂቃ ነው። በጠቅላላ 14,400 ደቂቃ ማለት ነው። የልብሱ ሳም፣ ማለትም ለአንድ ልብስ የተፈቀደው የሥራ ጊዜ፣ 12 ደቂቃ ይሁን። ላይኑ በ50 በመቶ ኤፊሸንሲ ቢሠራ፣ ማለትም ካለው ደቂቃ ግማሹ ብቻ ወደ ልብስ ቢቀየር፣ በቀን 600 ልብስ ይወጣል። አሁን ስታይል ተቀየረ። የመጀመሪያው ቀን እጅ ገና አልለመደም፣ 20 በመቶ ነው እንበል፤ 240 ልብስ። በማግስቱ 30 በመቶ፣ 360። ከዚያ 40፣ 480። በአራተኛው ቀን 50 ላይ ተመለሰ። በሦስቱ ቀን የጎደለው ተደምሮ 720 ልብስ ነው፣ ከአንድ ሙሉ ቀን ምርት በላይ። በወር አንድ ጊዜ ከሆነ ይቻላል። በየሳምንቱ ከሆነ በወር ወደ 2,900 ልብስ ይጎድላል፤ ማናጀሩም ፊቱን የሚያዞረው ወደ አንቺ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወጣ። መጀመሪያ ሲመጣልሽ እንዲህ ይሆናል፦

«የአሜሪካ ደንበኛችሁ ጥሏችሁ ሄደ ወይ?»

ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ ቁስል መንካት ነው። ትንሽ ስታለዝቢው ደግሞ «ዋና ደንበኞቻችሁ እነማን ናቸው?» ይሆናል። ይሄም አይረባም፤ ስም ይነግሩሻል፣ አንቺም «እሺ» ትያለሽ፣ ያልቃል። ወደ ሥራሽ አውርጂው፦

«አንድ ላይን በአማካይ በስንት ቀን ስታይል ይቀይራል? ከቀየረ በኋላስ ወደ ነበረበት ኤፊሸንሲ ለመመለስ አሁን ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

አየሽ፣ የአሜሪካም የአውሮፓም ስም አልተነሣም። ያጠናሽው ከጥያቄው ሥር ነው ያለው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ይሰማዋል። እኔ ይሄን የጠየቀችኝ ልጅ ብትኖር ሲቪዋን መልሼ አነበው ነበር።

ሁለተኛውን ማታ ለማስታወቂያው ስጪው። አንቺ ያመለከትሽበትን ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን የድሮዎቹን። ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡ ቻናሎች ውስጥ ግቢና መፈለጊያው ላይ የድርጅቱን ስም ጻፊ። የዓመት የሁለት ዓመት ማስታወቂያ ተደርድሮ ይመጣል። ሰው ማስታወቂያን የሚያነበው ለማመልከት ነው፤ ለማወቅ ብሎ የሚያነበው የለም። ሁለት መስመር ብቻ ተመልከቺ፤ ቀኑንና «ተፈላጊ ብዛት» የሚለውን።

አይኢ ኦፊሰር «ብዛት 4» ተብሎ አንድ ጊዜ ከወጣ ምናልባት ላይን እየጨመሩ ነው። «ብዛት 1» ተብሎ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከወጣ ግን ያ ወንበር ሰው አይበረክትለትም። ወይ ሰው እየገባ እየወጣ ነው፣ ወይ የሚፈልጉትን ሰው አላገኙም። የሥራ ልምድ መስመሩም ይናገራል። መጀመሪያ «3 ዓመት» ብለው አሁን «0 ዓመት» ካሉ ልምድ ያለው ሰው በዚያ ደመወዝ አልመጣላቸውም ይሆናል። አንቺን የጠሩሽም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አይክፋሽ፣ ዕድል ነው፤ ግን ገብተሽ የሚያሠለጥንሽ ሰው ይኖር እንደሆነ ማወቅ አለብሽ።

«ለምንድን ነው ሰው የሚለቅባችሁ?» ብለሽ ብትጠይቂ ኤችአሯ ፊቷን ታጠቁርብሻለች። እንዲህ በይ፦ «ይሄ ቦታ አዲስ የተከፈተ ነው ወይስ ቀድሞ ሰው ነበረበት? ሰው ከነበረ የጀመራቸው የጊዜ ጥናቶች ለእኔ ይተላለፋሉ?» ሁለተኛው ክፍል ነው ቁም ነገሩ። ቀድሞ የነበረው ሰው ሥራውን አስረክቦ ከሄደ ፋይል አለ፣ ዝግጁ የሆነ ሳም አለ። በአንድ ቀን ተነሥቶ ከወጣ ሁሉንም ነገር ከዜሮ በሩጫ ሰዓት ልትለኪ ነው። መልሱን ሲሰጡ እርስ በርስ ከተያዩ መልሱን አገኘሽ።

ሦስተኛውን ማታ ከስልክሽ ላይ ተነሺ። ሀዋሳ ነው ያለሽው፣ ይሄ አዲስ አበባ ያለ ተወዳዳሪሽ የማያገኘው ዕድል ነው። ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ ሰው የማያውቅ የሀዋሳ ልጅ አለ እንዴ? የጎረቤት ልጅ፣ የክፍል ጓደኛሽ እህት፣ ግቢያችሁ ተከራይታ የምትኖር ኦፕሬተር። ከተቻለ እዚያው ፋብሪካ፣ ካልሆነ አጠገቡ ካለ ሼድ። ሲመሽ ሰርቪስ ከሚያወርድበት አካባቢ ሻይ ብትጋብዢያት የምትሰሚው ከማንኛውም ድረ ገጽ ይበልጣል።

ደመወዝ አትጠይቂያት። እሷ የምታውቀው የኦፕሬተርን ነው፣ የአንቺን አይደለም፤ ወሬውም ወደዚያ ከሄደ አይመለስም። ይልቅ «ትናንት ላይናችሁ ቆሞ ነበር? በምን ምክንያት?» በያት። ኦፕሬተር ይሄን በደንብ ታውቃለች፣ ታርጌት ሲጎድል የሚጮኸው በእሷ ላይ ነዋ። «ዚፕ አልቆ ግማሽ ቀን ተቀመጥን» ልትልሽ ትችላለች። «መብራት» ልትል ትችላለች። «ማሽን ተበላሽቶ መካኒኩ ሌላ ላይን ላይ ነበር» ልትል ትችላለች። ሦስቱም የተለያየ በሽታ ናቸው። አንዱ የዕቃ አቅርቦት ነው፤ ጨርቁም ዚፑም ክሩም ከውጭ በጅቡቲ በኩል ከመጣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ተቀምጦ ይጠብቃል። ሌላው የጥገና ጉዳይ ነው።

እንበል ዚፑን ነገረችሽ። ይሄ የአንቺን ቀን በምን ይለውጣል? ላይኑ ግማሽ ቀን ከቆመ ኤፊሸንሲው ይወርዳል። የቆመው ጊዜ ለብቻው ካልተመዘገበ ግን ወረቀት ላይ ሰነፍ ላይን ይመስላል። ያኔ አንቺ ያልሠራሽውን ጥፋት ለማስተካከል ነው የምትሮጪው። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦

«ጨርቅ ወይም አክሰሰሪ ዘግይቶ ላይን ሲቆም የባከነው ሰዓት ለብቻው ይመዘገባል ወይስ በላይኑ ኤፊሸንሲ ውስጥ ይቆጠራል?»

የነገረችሽን ልጅ በምንም ዓይነት አታንሺ። «አንድ ሠራተኛ እንደነገረችኝ» ካልሽ እሷን ፍለጋ ይጀመራል። «ግማሽ ቀን» የሚለውንም ዝርዝር ተዪው፣ ከየት እንደመጣ ያስታውቃል። ዕቃ መዘግየት የትም ስፌት ፋብሪካ ያለ ነገር ስለሆነ ጥያቄው ከማንም አይመስልም።

አንድ የራሴን ውርደት ልንገርሽና ልለፍ። ወጣት ሳለሁ አዳማ ላይ አንድ ፋብሪካ ኢንተርቪው ገባሁ፣ ስሙን ልተወው። የሆነ ቦታ ሁለተኛ ሼድ ሊጨምሩ መሆኑን አንብቤ ነበር። «የማስፋፊያ ዕቅዳችሁ የት ደረሰ?» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ሦስቱም ጠያቂዎች ዝም አሉ። ለካ ያነበብኩት ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ በዚያው ወር ሠራተኛ እየቀነሱ ነበር። ግኝትሽ ላይ ሁሉ ቀን ጻፊበት የምልሽ ለዚህ ነው። ቀኑ የማይታወቅ ወይም ከዓመት በላይ የሆነ ነገር እንደ እውነት አይነገርም፤ «አሁን እንዴት ነው?» ተብሎ ብቻ ነው የሚጠየቅ።

ወረቀትሽ ላይ አራት ጥያቄ ይዘሽ ግቢ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጠይቂ። አራተኛው ለምን መሰለሽ? አንዱን ሳትጠይቂ በመሐል ራሳቸው ይመልሱታልና። የመለሱትን መልሰሽ ከጠየቅሽ አልሰማሽም ማለት ነው። ወረቀቱን አውጥተሽ ማየት ነውር የለውም። እንደ ተማሪ ማንበብ ግን ነውር ነው፤ አንድ አንድ ቃል ብቻ ጻፊ፦ ስታይል፣ ርክክብ፣ የቆመ ሰዓት።

ማን እንደተቀመጠም እይ። የስታይል ጥያቄ ለኤችአሯ ከቀረበ ሰውየዋን ታሳፍሪያታለሽ፣ አታውቀውማ። ለፕሮዳክሽን ማናጀሩ አድርጊው። የርክክቡን ለእሷ። ማናጀሩ ከህንድ ወይም ከስሪላንካ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሦስቱንም በእንግሊዝኛ ጮክ ብለሽ ቤት ውስጥ ተለማመጂ። በአማርኛ የተሳለ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲንተባተብ ይደንዛል።

መልሱንም ስሚ። ጥሩ መልስ ቁጥር አለበት፣ ወይም «እውነቱን ለመናገር አሁን አራት ቀን ነው፣ ሁለት ማድረግ እንፈልጋለን» ይላል። «እኛ ጋ ሁሉም እንደ ቤተሰብ ነው» ካሉሽ ያልጠየቅሽውን ነው የመለሱት። አንድ ጊዜ ብቻ ተከተዪው፦ «ለምሳሌ የመጨረሻው ስታይል ሲቀየር እንዴት ነበር?» ሁለተኛ ጊዜ ግን አትግፊ፣ ፍርድ ቤት አይደለሽም።

ስለ ደመወዝ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፣ ብቸኛ ጥያቄሽ መሆኑ ነው የጎዳሽ። ራሳቸው ካነሡት ተናገሪ፤ ካላነሡት ሲደውሉልሽ ይደረስበታል። የሙከራ ጊዜ ስንት ነው ብለሽም ጊዜ አታባክኚ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል፣ ቤትሽ ሆነሽ የምታውቂው ነገር ነው። ከሱ የሚወጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «በሙከራው 60 ቀን መጨረሻ ላይ ሥራዬ የሚለካው በየትኛው ቁጥር ነው?» ይሄ አራተኛሽ ይሁን። ቁጥሩን ካልነገሩሽ ራሳቸውም አላሰቡበትም፤ ከተቀጠርሽ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ አስነግሪያቸው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ተነሥተሽ እጅ ስትነሺ፣ ፊታቸው ደህና ከሆነ «ላይኑን ለአምስት ደቂቃ ማየት ይቻላል?» በይ። እምቢ ካሉ በቃ፣ የባየር ምስጢር ያለባቸው ስታይሎች ስላሉ እምቢታው ክፉ አይደለም። ከፈቀዱ ማሽኑን አትይ። በየላይኑ መጨረሻ የሚሰቀለውን ነጭ ሰሌዳ እይ፣ በየሰዓቱ ታርጌቱና የወጣው ምርት የሚጻፍበትን። ከዚያ ሰዓትሽን እይ። የመጨረሻው የተሞላ መስመር ከሁለት ሰዓት በፊት ላይ ቆሞ ከሆነ ማንም አያየውም ማለት ነው፤ ከገባሽ መጀመሪያ የምትነኪው እሱን ነው። ገና ያልደረሰ ሰዓት ላይ የወጣ ምርት ቁጥር ተጽፎ ካየሽ ደግሞ ምንም አትጠይቂ፣ አመስግነሽ ውጪና የሰርቪስ መጠበቂያው ጋ ለዚያች ልጅ ሌላ ሻይ ጋብዢያት።